የመርዶው ትዕይንት፦ ከበሮው የት ይቁም፣ ዝምታው ከየት ይጀምር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብለን፣ ባሶና ወራና ውስጥ የቀረፅነው የ14 ደቂቃ አጭር ፊልም አለኝ። እናት ልጇ ለበዓል ይመጣል ብላ ስትዘጋጅ ታመሻለች፤ ሲነጋ መርዶ ይመጣባታል። የምሽቱ የክራርና የከበሮ ሙዚቃ በፊልሙ 04:30 ደቂቃ ላይ ገብቶ በሩ እስኪንኳኳ ይቀጥላል፤ 05:50 ላይ ይነጋል፣ 06:05 ላይ ውሻ ይጮኻል፣ 06:31 ላይ በሩ ይንኳኳል፣ 06:38 ላይ ይከፈታል፣ 06:49 ላይ እናት ትጮኻለች። ከመንኳኳቱ ጀምሮ የሚያሳዝን መሲንቆ ባስገባ ያዩት ሰዎች «ቀድመህ ነገርከን» አሉኝ። በሩ ሲከፈት ድምፁን ሁሉ ቆርጬ በአዳራሽ ባሳየው ደግሞ ሰዉ ገመድ የተነቀለ መስሎት ወደ ኋላ እየዞረ ኦፕሬተሩን ማየት ጀመረ። ምን ላድርግ? ኤዲቲንጉ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው፤ የሙዚቃው ፍጥነት በደቂቃ 100 ምት ነው።

ምላሽ፦ ዝምታው መጀመር ያለበት በሩ ከመንኳኳቱ ጥቂት ሰከንዶች ቀደም ብሎ ነው። መጀመሪያ ከበሮው ይወጣል፤ ክራሩ ብቻውን ትንሽ ቆይቶ ይከተለዋል፤ ከዚያ ቤቱ በራሱ ድምፅ ብቻ ይቆይና በሩ ይንኳኳል። መሲንቆው ከዚህ ትዕይንት ሙሉ በሙሉ ቢወጣ እመክራለሁ። ምክንያቱን ከነአሠራሩ ልዘርዝር።

ተመልካቾችዎ «ቀድመህ ነገርከን» ያሉት መሲንቆው መጥፎ ስለሆነ አይመስለኝም። በእኛ አገር ገና ጎህ ሳይቀድ ጋቢያቸውን የተከናነቡ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ወደ አንድ ቤት ሲያመሩ ያየ የሸዋ ሰው፣ ማንም ምንም ሳይለው ነገሩ ይገባዋል። ሥዕሉ መርዶውን አስቀድሞ ተናግሮታል። እናቲቱ ግን ገና አላወቀችም፤ በሩን የምትከፍተው ልጇ ነው ብላ ነው። የትዕይንቱ ኃይል ያለው ከመንኳኳቱ እስከ መከፈቱ ባሉት ሰባት ሰከንዶች ውስጥ፣ ተመልካቹ እያወቀ እሷ ባለማወቋ ላይ ነው። በዚህ ቅጽበት የሚገባ የኀዘን ሙዚቃ ሥዕሉ የተናገረውን ይደግመዋል፤ ከዚያም በላይ ተመልካቹ በራሱ ሊደነግጥ ሲል «አሁን እዘን» ብሎ ይቀድመዋል። ስለዚህ ሙዚቃ ለማስገባት ባሰብሁ ቁጥር ራሴን የምጠይቀው፣ በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰው በዚህ ሰዓት የሚያውቀው ምንድን ነው የሚለውን ነው። ሙዚቃው ከእርሱ ዕውቀት ቀድሞ የሚሄድ ከሆነ ለመቅደሙ በቂ ምክንያት ሊኖር ይገባል። በእርስዎ ታሪክ ውስጥ ያ ምክንያት አይታየኝም።

የአዳራሹ ነገር ከዚህ የተለየ ነው። ድምፁን ሁሉ ሲቆርጡ ታይምላይኑ ላይ የቀረው ፍጹም ባዶ ነው። እንዲህ ያለ ባዶ በተፈጥሮ የለም፤ በጣም ጸጥ ያለ የገጠር ቤት እንኳ ነፋስ፣ የጣሪያ ሣር፣ የምድጃ እሳት፣ የሰው ትንፋሽ አለው። ጆሮ እነዚህን ልብ ብሎ አያዳምጣቸውም፤ በአንድ ፍሬም ውስጥ ሁሉም አንድ ላይ ሲጠፉ ግን ወዲያው ያስተውላል። ሥዕሉ ላይ እሳቱ እየነደደ፣ የእናትየው ነጠላ እየተንቀሳቀሰ ድምፁ ከጠፋ፣ ተመልካቹ ሊያገኝ የሚችለው ቅርብ ማብራሪያ ብልሽት ነው። መብራትና ገመድ በየጊዜው በሚቸግርበት አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ይህ ማብራሪያ ከማንኛውም ጥበባዊ ሐሳብ ቀድሞ ይመጣል። ሰዉ ወደ ኋላ መዞሩ ትክክል ነበር።

እንግዲህ የታሰበ ዝምታ የሚሠራው ከድምፅ ነው። መሠረቱ ያ ቤት ማንም ሳይናገርና ሳይንቀሳቀስ ያለው ድምፅ ነው፤ እዚህ ላይ «የቤቱ ድምፅ» እያልሁ እጠራዋለሁ። በየቀረፃው ቦታ፣ መብራቱና ሰዉ ገና ከቦታው ሳይነሣ፣ ሁሉም ዝም ብሎ ቢያንስ አንድ ደቂቃ መቅዳት ያስፈልጋል። ማይክሮፎኑ ንግግሩ በተቀዳበት ቦታና መጠን ላይ እንዳለ ይቆያል። የካሜራው ወይም የመቅጃው ራሱን በራሱ የሚያስተካክል የድምፅ መጠን መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ ጸጥታ ሲሆን መሣሪያው «ድምፅ አነሰኝ» ብሎ መጠኑን ከፍ ስለሚያደርግ፣ የተቀዳው የቤቱ ድምፅ ሳይሆን የመሣሪያው የራሱ ሹክሹክታ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ቀላል ነው፤ ንግግሩ ካበቃ በኋላ ሁለትና ሦስት ሰከንድ ያዳምጡ፤ ሹክሹክታው ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ ራሱን የሚያስተካክለው አሠራር በርቶ ነበር ማለት ነው።

በቀረፃው ቀን ካልቀዱት ሁለት አማራጭ አለዎት። የተሻለው ወደዚያው ቤት በዚያው ሰዓት ተመልሶ መቅዳት ነው። የባሶና ወራና ንጋት ከቀትሩ ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም፤ ከደጋው ሜዳ የሚነሣው ነፋስ፣ ዶሮውና ወፉ፣ ከሩቅ የሚሰማው የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ሁሉ የራሱ ሰዓት አለው። መመለስ ካልተቻለ ከንግግሮቹ መካከል ትንፋሽ እንኳ የሌለባቸውን ክፍተቶች ለቅሞ፣ መጋጠሚያዎቹን በግማሽ ሰከንድ ያህል እያደባለቁ ማያያዝ ይቻላል። እዚህ ላይ የሚያጋጥመው ችግር መደጋገም ነው። የሦስት ሰከንድ ቁራጭ አራት ጊዜ ቢደገም፣ አንድ ጊዜ ጧ ያለ እሳት አራት ጊዜ በእኩል ርቀት ጧ ይላል፤ ጆሮም ያንን እንደ ምት ይይዘዋል። ዝምታ ውስጥ ያለ ምት ደግሞ ዝምታውን ያፈርሰዋል። ስለዚህ እሳቱ ከሌለበት ክፍል የቤቱን ድምፅ ሠርተው፣ የእሳቱን ድምፅ ለብቻው በሌላ ትራክ በእጅ ቢበታትኑት ይሻላል።

አሁን ወደ ከበሮው ልምጣ፤ ሰፋ ያለ ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። ከበሮ መቆሙ የሚሰማው ሲመታ ለቆየ ጆሮ ብቻ ነው። አሥር ሰከንድ ተመትቶ ቢቆም ማንም ምንም አይጎድልበትም። የእርስዎ ሙዚቃ ከ04:30 ጀምሮ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ስለሚቆይ፣ ጆሮ ምቱን እንደ ቤቱ ዕቃ ለምዶታል፤ ይህ ለሚፈልጉት ነገር በቂ ነው። ለሸዋ ተመልካች የከበሮ መጥፋት በራሱ ትርጉም እንዳለውም አይርሱ። በዐቢይ ጾም በቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ሳይመታ ሰንብቶ በትንሣኤ ሌሊት ሲመለስ የሰማ ሕዝብ፣ የከበሮን አለመኖር ማንበብ ያውቃል።

ከበሮውን 05:50 ላይ፣ ሥዕሉ ከምሽት ወደ ንጋት በሚሻገርበት ቦታ እንዳያቆሙት እለምናለሁ። ብዙ ኤዲተሮች የሚያቆሙት እዚያ ነው፤ ምክንያቱም መቁረጫው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሥዕልና ሙዚቃ አንድ ላይ ከቆሙ ግን ተመልካቹ የሚረዳው «ያ ክፍል አለቀ፤ ሌላ ጀመረ» ብሎ ነው፤ የጎደለ ነገር አይሰማውም። ሙዚቃው ንጋቱን ዘልቆ ይግባ፣ እናትየውም በምሽቱ ደስታ ውስጥ እንዳለች እሳቷን ትጫር። ከበሮው ከዚያ በኋላ፣ ሥዕሉ ላይ ምንም ሳይለወጥ ይቁም። ያን ጊዜ ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ ቀና ይላል።

ትክክለኛውን ቦታ ለማግኘት ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል። በደቂቃ 100 ምት ማለት እያንዳንዱ ምት 0.6 ሰከንድ ነው፤ በ25 ፍሬም ሲሰላ ልክ 15 ፍሬም ይሆናል። ሙዚቃው በአራት በአራት ምት የሚዞር ከሆነ አንዱ ዙር 60 ፍሬም፣ ማለትም 2.4 ሰከንድ ይወስዳል። ከ04:30 እስከ ውሻው ጩኸት 06:05 ድረስ 95 ሰከንድ፣ ወይም 2375 ፍሬም አለ። ይህ ለ15 ሲካፈል 158 ምት ሆኖ 5 ፍሬም ይተርፋል። እንግዲህ ውሻው አሁን የሚጮኸው በ40ኛው ዙር ሦስተኛ ምት ላይ፣ ከምቱ 5 ፍሬም ዘግይቶ ነው፤ ከሙዚቃው ጋር ሳይገጥምም ሳይለይም መሃል ላይ ወድቋል። 40ኛው ዙር አልቆ የ41ኛው ዙር ጠንካራ የመጀመሪያ ምት የሚመጣው ከ2400 ፍሬም በኋላ፣ ልክ 06:06:00 ላይ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ፍሬም ናቸው።

የምመክረው ይህን ነው። ከበሮው እስከ 40ኛው ዙር አራተኛ ምት ድረስ፣ ማለትም እስከ 06:05:10 ይመታ፤ 06:06:00 ላይ ሊመጣ የሚገባው ጠንካራ ምት ግን አይምጣ። ውሻው በሥዕሉ ላይ ስለማይታይ ጩኸቱን በአንድ ሰከንድ ገፋ አድርገው ልክ 06:06:00 ላይ ያስቀምጡት። ጆሮ ከበሮውን በጠበቀበት ቦታ የውሻ ጩኸት ይመጣል። ተመልካቹ ስለ ምቱ ምንም ሳያስብ፣ ደስታው የቆመው ውጭ ባለ ነገር ምክንያት እንደሆነ በሰውነቱ ያውቀዋል።

ለምን በጠንካራው ምት ላይ አይቁም ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ከበሮ በዙሩ የመጀመሪያ ምት ላይ ድም ብሎ ሲቆም ዘፈኑ ያለቀ ይመስላል፤ ነገሩ በደንብ ይዘጋል፣ አድማጩም ዕረፍት ያገኛል። ከዚያ ምት አንድ ቀድሞ ሲቆም ግን ዙሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ የሚጠበቀው ነገር እንደተጠበቀ ይቆያል። ለሠርግ ትዕይንት መጨረሻ የመጀመሪያውን፣ ለመርዶ መግቢያ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሙዚቃው በስቱዲዮ በእኩል ፍጥነት ከተቀዳ ነው። ሙዚቀኞቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው በነፃነት የተጫወቱት ከሆነ ፍጥነቱ በየዙሩ ጥቂት ስለሚለዋወጥ፣ ከደቂቃ ተኩል በኋላ ስሌቱና እውነተኛው ምት በብዙ ፍሬም ሊራራቁ ይችላሉ። ያን ጊዜ ስሌቱን ትተው ከ05:50 ጀምሮ እያዳመጡ በእያንዳንዱ የከበሮ ምት ላይ ምልክት ያድርጉ፤ በተለመዱት የኤዲቲንግ ፕሮግራሞች የ M ቁልፍ ይህን ያደርጋል። ከዚያ ጠንካራውን ምት በዓይን ፈልገው ውሻውን እዚያ ያስቀምጡት።

ከበሮውን ለብቻው ለማውጣት ደግሞ ክራሩና ከበሮው በየራሳቸው ትራክ ሊኖሩዎት ይገባል። አቀናባሪውን እያንዳንዱን መሣሪያ ለብቻው፣ ሁሉንም ከአንድ መነሻ ጀምሮ እንዲልክልዎ ይጠይቁት፤ ሙዚቃው አስቀድሞ ተደባልቆ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን በማጣሪያ መቀነስ የከበሮውን ክብደት ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የእጁ ጥፊ ከላይ ይሰማል። እንዲያ ከሆነ ክራር የሚጫወት ሰው ፈልጎ የሚቀጥሉትን ጥቂት ሰከንዶች አዲስ ማስቀዳት ይቀላል፤ የሚያስፈልግዎት በጣም ትንሽ ነውና።

ክራሩ ከበሮው ከቆመ በኋላ ዜማውን እንዲቀጥል አልፈልግም። ዜማው ከቀጠለ ጆሮ ከበሮውን በሐሳቡ እየጨመረ አብሮ ይመታዋል፤ ያወጡት ነገር ተመልሶ ይገባል። ክራሩ በአንድ ክር ብቻ፣ በየዙሩ አንዴ፣ በየ2.4 ሰከንዱ ይመታ። 06:06:00 የውሻው ስለሆነ እዚያ ላይ ዝም ይበል፤ የመጀመሪያው 06:08:10 ላይ፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው 06:22:20 ላይ ይሁን። ክሩም የቅኝቱ ማረፊያ የሆነው ድምፅ አይሁን፤ በማረፊያው ላይ ከቆመ ቅድም ስለ ጠንካራው ምት ያልሁት መዘጋት ይከሰታል። የመጨረሻው ምት ሦስት ሰከንድ ያህል ራሱ ተንኖ እስኪጠፋ አይቁረጡት። ከሰው እጅ የወጣ ድምፅ በመቀስ ሲቆረጥ ተመልካቹ ኤዲተሩን ያስታውሳል፤ እዚህ ቦታ ላይ እርስዎ ትዝ እንዲሉት አንፈልግም።

ከዚያ እስከ 06:31 አምስት ሰከንድ ያህል የቤቱ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ይህችን ክፍተት አጥብቄ የምጠብቃት ናት። መንኳኳቱ የክራሩን የመጨረሻ ምት ተከትሎ ወዲያው ቢመጣ ጆሮ የሙዚቃው አካል ያደርገዋል፤ በሩ እንደ ከበሮ ይሆናል። ሙዚቃው ከተረሳ በኋላ ሲመጣ ግን እንጨት ላይ ያረፈ የሰው እጅ ሆኖ ይሰማል። የመንኳኳቱን ድምፅ ማጉላት አያስፈልግም። ሽማግሌ ለመርዶ ሲመጣ በሩን አይደበድብም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያንኳኳው፤ ያ ቀስ ማለቱ ራሱ ነው የሚያስፈራው።

በሩ ከተከፈተበት 06:38 እስከ ጩኸቱ 06:49 ያሉት 11 ሰከንዶች የዝምታው እምብርት ናቸው። እነዚህን በሦስት ድርብ ድምፅ እሠራቸዋለሁ፤ የውጭው ነፋስ፣ የምድጃው እሳት፣ የእናትየው ልብስና ትንፋሽ። በሩ ሲከፈት ነፋሱ ከፍ ማለት አለበት፤ ከደጅ ብርድ ይገባልና ይህ እውነት ነው፤ ተመልካቹም ድምፁ እየሠራ መሆኑን በዚያው ያረጋግጣል። የአዳራሹ ሰው ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚያደርገው ይህ የነፋሱ ከፍ ማለት ነው። ቀጥሎ ሥዕሉ ወደ እናትየው ፊት ሲቀርብ እሳቱን በሦስት ሰከንድ ውስጥ ቀስ አድርገው ያውርዱት፤ ፊቷ ሥዕሉን ከሞላው እሳቱ ስለማይታይ አለመሰማቱ አያስጠረጥርም። ቀጥሎ ነፋሱን በግማሽ ይቀንሱት። በመጨረሻ የሚቀረው የነጠላዋ መንቀሳቀስና አንድ ወደ ውስጥ የተሳበ ትንፋሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጩኸቱ ይመጣል። እንዲህ በየተራ የተነሣ ድምፅ ከአዳራሹ ባዶ የበለጠ ጸጥ ያለ ሆኖ ይሰማል፤ ተመልካቹ እናትየው በራሷ ውስጥ ስትሰምጥ አብሯት ይወርዳልና።

የዝምታው ርዝመት ምን ያህል ይሁን ቢሉ፣ ቁጥሩን የሚወስነው የተዋናይቷ ፊት ነው። 11 ሰከንዱን ያለ ድምፅ ደጋግመው ይመልከቱና ዓይኗ የተለወጠበትን ፍሬም ይፈልጉ፤ ማለትም ጥያቄው ዕውቀት የሆነበትን። ከዚያ ፍሬም በኋላ ዝምታው ሁለት ሰከንድ ያህል ቢቆይ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ተመልካቹ ጩኸቱን መጠበቅ ይጀምራልና ሲመጣ አይደነግጥም። ከዚያ ፍሬም በፊት ያለው ጊዜ ግን ሊረዝም ይችላል፤ እሷ እስካላወቀች ድረስ አይሰለችም። ልኩን ለማረጋገጥ ፊልሙን ያላዩ ጥቂት ሰዎች ሰብስበው ከፊታቸው ይቀመጡና ስክሪኑን ትተው እነርሱን ይዩ። መተነፋፈስና መቀመጫ ማስተካከል ከጩኸቱ በፊት ከጀመሩ ረዝሟል፤ ጩኸቱ ሲመጣ ገና እያዩ ከሆነና ፊታቸው ካልተለወጠ አጥሯል።

ጩኸቱ ሲቀዳ እንዳልተሰነጠቀ በመጀመሪያ ያረጋግጡ። በቀረፃው ጊዜ ከመሣሪያው አቅም በላይ ሆኖ የተቀዳ ጩኸት በኋላ መጠኑ ቢቀነስም ስንጥቁ አይድንም። ደህና ከሆነ ከንግግሩ በግልጽ ይበልጥ፣ ነገር ግን ጆሮ እስኪያሳምም አይሁን፤ ዝምታው ስላዘጋጀለት ብዙ ማጉላት አይፈልግም። ከጩኸቱ በኋላ ሴቶቹ ሲገቡና ሙሾ ሲወርድ ከሥሩ ምንም ሙዚቃ አይጨምሩበት። ሙሾ ራሱ ዜማና ቅኝት ያለው ነገር ነው፤ ከሥሩ የሚገባ መሲንቆ በሌላ ድምፅ ላይ ሲቆም ሁለቱ ይጋጫሉ፤ የሚያለቅሱት ሴቶች የተሳሳቱ ይመስላሉ። ከዚያም በላይ በኀዘን ቤት የማይገባ መሣሪያ በኀዘን ቤት ሥዕል ላይ ሲሰማ፣ የመንዝም ሆነ የቡልጋ ሰው ቅር ይለዋል። ሙዚቃ የግድ መመለስ ካለበት ትዕይንቱ ከቤቱ ከወጣ በኋላ፣ በመንገድ ላይ በሚሄዱ ሰዎች የእግር ድምፅ ሥር ተደብቆ በክራር ብቻ ይመለስ። ከበሮው ግን እስከ ፊልሙ መጨረሻ አይመለስ፤ ከተመለሰ 06:06:00 ላይ የሠሩት ሥራ ይሰረዛል።

ይህን ሁሉ ከኤዲቲንግ በፊት በማጀቢያ ሰንጠረዥ ላይ ይጻፉት። ብዙ ጊዜ የማየው ሰንጠረዥ ሙዚቃ የሚገባባቸውን ቦታዎች ብቻ ይዘረዝራል፤ ዝምታው የተረፈ ቦታ ይሆናል፤ የተረፈ ቦታ ደግሞ ማንም ስለማይጠብቀው በመጨረሻው ቀን አንድ ሰው ሙዚቃ ይሞላበታል። ዝምታም የራሱ ቁጥር፣ መግቢያ፣ መውጫና ምክንያት ይኑረው። ለዚህ ትዕይንት እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦

ሙዚቃ 1፦ ከ04:30:00፤ ክራርና ከበሮ። የከበሮው የመጨረሻ ምት 06:05:10። ውሻ 06:06:00። ክራር ለብቻው ከ06:08:10 እስከ 06:22:20፣ ራሱ ተንኖ ይጥፋ። ምክንያት፦ እናት ልጇን ትጠብቃለች።

ዝምታ 1፦ ከ06:26 ገደማ እስከ 06:31፤ የቤቱ ድምፅና እሳት። ምክንያት፦ መንኳኳቱ ከሙዚቃው እንዲለይ።

ዝምታ 2፦ ከ06:38 እስከ 06:49፤ ነፋስ ይገባል፣ እሳት ይወርዳል፣ ነፋስ ይቀንሳል፣ ልብስና ትንፋሽ ይቀራል። ምክንያት፦ ጥያቄው ወደ ዕውቀት ይለወጣል። ሙዚቃ አይገባም።

«ሙዚቃ አይገባም» የሚለውን ቃል በቃል መጻፍ ጠቃሚ ነው፤ አቀናባሪው ሲያነበው ለዚያ ቦታ ምንም እንዳያዘጋጅ ያውቃል።

የመጨረሻው ሥራ ፊልሙ የሚሰማበትን ቦታ ማሰብ ነው። ንግግሩ በሜትሩ ላይ ጫፉ ከ-12 ዴሲቤል አካባቢ ከሆነ፣ የቤቱን ድምፅ ከ-50 እስከ -45 ባለው መካከል ቢያስቀምጡት በጆሮ ማዳመጫ ጥሩ ሆኖ ይሰማል። በአዳራሽ ግን የሰው መተነፋፈስ፣ የወንበር ድምፅና ውጭ ያለው ጄኔሬተር ከዚያ ስለሚበልጡ ተመልሶ ባዶ ይሆናል፤ ለአዳራሹ ቅጂ በ6 ዴሲቤል ያህል ከፍ ያድርጉት፤ ፊልሙ ከመታየቱ በፊትም አዳራሹ ውስጥ ገብተው ከኋላው ረድፍ ያዳምጡት። ለስልክ የሚሆነው ቅጂ ሌላ ችግር አለበት። የስልክ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን የነፋስ ጉምጉምታ አያሰማም፤ ነፋስዎ ሁሉ ከ200 ኸርዝ በታች ከሆነ በስልክ የሚያይ ሰው 11 ሰከንድ ባዶ ያገኛል፤ ስልኩን አንሥቶ ድምፁን ይጨምራል፤ ጩኸቱም በዚያ ላይ ይመጣበታል። ስለዚህ ከነፋሱ ጋር ቀጠን ያለ፣ ከ1000 ኸርዝ በላይ የሚሰማ ነገር አብሮ ይኑር፤ በሩ ላይ የሚንሿሿ ሣር ወይም የነጠላው ድምፅ ይበቃል። ሁለቱን ቅጂዎች ለየብቻ አውጥተው የስልኩን ቅጂ ራሱ በስልክ፣ ያለ ጆሮ ማዳመጫ፣ ሰው በሚነጋገርበት ክፍል ውስጥ ይሞክሩት፤ 06:40 አካባቢ ነፋሱ የማይሰማዎት ከሆነ ቀጠን ያለውን ድምፅ ሁለትና ሦስት ዴሲቤል ይጨምሩበት።